ውርጭ ሌሊት ለምን 24 ዲግሪ ይነበባል?

የደባርቅ ድንች አምራች የሚፈራው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ያለበትን ሌሊት ነው። ውርጩን ቀድሞ ለማወቅ አንድ አርዱይኖ ኡኖና የሙቀት መለኪያ ቴርሚስተር ይበቃሉ። ባትሪ እንዲቆጥብ ብለን ግን 1 ሜጋ ኦም ቴርሚስተር ከ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ጋር አገናኘን እንበል። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሳለ ስክሪኑ 24 ዲግሪ ይላል። ቴርሚስተሩ ግን ጤነኛ ነው።

ቺፑ ቮልቱን የሚለካው በውስጡ ባለች 14 ፒኮ ፋራድ በምታህል ካፓሲተር ቀድቶ ነው። ካፓሲተሯን ጣሳ በሏት። ቦኖው ቀጭን ከሆነ ውኃው ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ሬዚስታንሱ ሲበዛ ጣሳዋ ቀስ ብላ ትሞላለች። ቺፑ ግን አይጠብቃትም፤ በተለመደው አሠራር 12 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሰጥቷት በሩን ይዘጋል። ደግሞም ጣሳዋ ለሁሉም ፒኖች አንድ ናት፤ ካለፈው ፒን የተረፈውን ይዛ ትመጣለች።

እናስላው። በዜሮ ዲግሪ የተለመደው ዓይነት ቴርሚስተር 3.4 ሜጋ ኦም ገደማ ይሆናል፤ ከሬዚስተሩ ጋር ሲታይ ቺፑ የሚያገኘው 770 ኪሎ ኦም ነው። ይህ በ14 ፒኮ ፋራድ ሲባዛ 11 ማይክሮ ሰከንድ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ጣሳዋ የምትሞላው 63 በመቶ ብቻ ነው። በ12 ማይክሮ ሰከንድ ደግሞ ሲሶው ይጎድላል። እውነተኛው ቮልት 3.85 ሆኖ፣ ቀድሞ የተነበበው ፒን ዜሮ ከነበረ 2.6 ቮልት እናነባለን፤ ይኸውም 24 ዲግሪ ነው። ያ ፒን 5 ቮልት ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ከዜሮ በታች 9 ይወጣ ነበር። የሽቦውና የፒኑ የራሳቸው አቅም ቁጥሮቹን ያዛንፋቸዋል፤ ስህተቱ ግን ይህን ያህል ሊሰፋ ይችላል።

ንባቡ የሚንሸራተተውም በዚሁ መንገድ ነው። ጎረቤቱ ፒን የሶላር ባትሪውን የሚከታተል ከሆነ፣ ባትሪው ሌሊቱን እየወረደ ሲሄድ የአየሩም ሙቀት የተለወጠ ይመስላል። ቀን ደግሞ ሳጥኑ በፀሐይ ሲግል በፒኑ የሚሾልከው ጥቂት ከረንት ይጨምራል፤ በትልቅ ሬዚስታንስ ላይ ያ ጥቂት ከረንት ቮልቱን ይለውጣል።

በሽታው ይህ መሆኑን ለማወቅ ጎረቤቱን ፒን ካነበቡ በኋላ ቴርሚስተሩ ያለበትን ፒን ደጋግሞ ማንበብ ነው፦

```
int a = analogRead(A1);
delay(1);
int b = analogRead(A1);
```

`a` እና `b` ሰፊ ልዩነት ካላቸው ጣሳዋ ሳትሞላ ነው የተለካችው። በመልቲሜትር ለማረጋገጥ የሚሞክር ሰው ይጠንቀቅ፤ የብዙዎቹ መልቲሜትሮች 10 ሜጋ ኦም ራሱ እዚህ ላይ ንባቡን 7 በመቶ ያህል ያወርደዋል።

መድኃኒቱ ከፒኑ ወደ መሬት (GND) የሚገባ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ነው። ከጣሳዋ 7000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ጋን ስለሆነ፣ ጣሳዋ ብትቀዳበትም የውኃው ከፍታ አይታወቅበትም። ነገር ግን ጋኑም የሚሞላው በዚያው ቀጭን ቦኖ ነው፤ ለመርጋት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ከሌላ ፒን ጋር እየተፈራረቀ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ከተቀዳበት ንባቡ ቀስ እያለ ይዛነፋል። ለውርጭ በደቂቃ አንዴ ማንበብ ይበቃል።