የሸማኔው ቀሚስ በሱቁ ቆጠራ

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ባለሱቆች መደርደሪያቸውን ይቆጥራሉ። ለሽያጭ በአደራ የተቀመጠ የሰው ዕቃ ከራስ ዕቃ ጋር አብሮ ከተቆጠረ፣ ሱቁ ያላገኘው ትርፍ መዝገብ ላይ ይወጣና ግብር ይሰላበታል። የሐበሻ ልብስ ሱቆች ለዚህ ስህተት በጣም ቅርብ ናቸው። ብዙዎቹ የራሳቸውን ልብስ ከሸማኔ ከተረከቡት ልብስ ጋር በአንድ መስቀያ ላይ ስለሚሰቅሉ ማ የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በግንቦት 12 ቀሚስ ለአንዲት ባለሱቅ ያስረክባል። የአንዱ መሸጫ ዋጋ 6,000 ብር፣ የሱቁ ኮሚሽን 15 በመቶ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቀሚስ 900 ብር ለሱቁ፣ 5,100 ብር ለሸማኔው ይደርሳል። ያልተሸጠው ይመለሳል። እስከ ሰኔ 30 ድረስ 4 ተሸጠ፣ አንዱን ሸማኔው መልሶ ወሰደ፣ 7 ቀረ።

ባለሱቋ ከዚህ ያገኘችው 3,600 ብር ብቻ ነው። መዝገቧ ግን ሌላ ሊናገር ይችላል። የተሸጠ ዕቃ ወጪ የሚገኘው በዓመቱ መጀመሪያ በነበረው ዕቃ ላይ ግዢን ደምሮ፣ በመጨረሻ የተቆጠረውን በመቀነስ ነው። ቀሚሶቹ ስላልተገዙ በግዢ ውስጥ የሉም። ቀሪዎቹ 7 ቀሚሶች ግን በ5,100 ብር ሒሳብ ተቆጥረው ከገቡ፣ ወጪው በ35,700 ብር ያንሳል፤ ትርፉም በዚያው ልክ ያብጣል። በዚህ ላይ የ4ቱን ቀሚስ 24,000 ብር በሙሉ የራሷ ሽያጭ አድርጋ ከጻፈች፣ ለሸማኔው የሚሰጠውንም የትም ካልመዘገበች፣ ከእነዚህ ቀሚሶች 59,700 ብር ያተረፈች ትመስላለች።

መፍትሔው ርክክቡ ላይ ይጀምራል። ቀሚሶቹ ሲመጡ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ምንም አይጻፍም፤ ባለቤትነቱ አልተላለፈምና። የሚጻፈው ለብቻው በተዘጋጀ የአደራ ዕቃ መዝገብ ላይ ነው፤ ቀኑ፣ የባለቤቱ ስም፣ ብዛቱ፣ የተስማሙበት ዋጋና ኮሚሽን ይሰፍራል። በየቀሚሱ ላይም ቁጥር ያለው፣ ቀለሙ ከሱቁ ዕቃ የተለየ ካርድ ይታሰራል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው በዚህ ካርድ ነው። ቆጠራውን የሚያካሂደው ብዙ ጊዜ ውሉን ያላነበበ ሠራተኛ ነው፤ ካርዱን ግን ያየዋል።

ሽያጭ ሲኖር የገባው 24,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ላይ ይጨመራል። በሌላው ወገን 20,400 ብሩ ለሸማኔው የሚከፈል ዕዳ፣ 3,600 ብሩ የኮሚሽን ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ለሸማኔው ሲከፈል ዕዳውና ጥሬ ገንዘቡ ይቀንሳሉ እንጂ ወጪ አይመዘገብም። ችግር የሚመጣው ብሩ መሳቢያ ውስጥ ሲደባለቅ ነው። 24,000 ብር ያየች ባለሱቅ ኪራይ ትከፍልበትና ሸማኔው ሲመጣ ትቸገራለች። ድርሻውን በዚያው ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ማዛወር ይህን ያስቀራል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ሙሉውን 24,000 ብር ሲያሳይ፣ የገቢ መዝገቡ ደግሞ 3,600 ብር ሲል ኦዲተር መጠየቁ አይቀርም። ልዩነቱን የሚያስረዳው የተፈረመ ውልና በየወሩ ለሸማኔው የሚሰጥ፣ የተሸጠውን፣ የተቀነሰውን ኮሚሽንና የተከፈለውን የሚያሳይ መግለጫ ነው። ቃል ብቻ ከሆነ ለማስረዳት ያስቸግራል።

አንዳንድ ሸማኔ ደግሞ “ለእኔ 5,100 ስጪኝ፣ የላዩን አንቺ ውሰጂው” ይላል። እንዲህ ሲሆን ገዢ ተከራክሮ ቀሚሱን በ5,500 ብር ቢወስድ የሱቁ ገቢ 400 ብር ነው። ስምምነቱ በመቶኛ ከሆነ ግን ቅናሹን ሁለቱም ይካፈሉታል፤ ሱቁ 825፣ ሸማኔው 4,675 ብር ያገኛሉ። ሸማኔው ቅናሹን መፍቀዱ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ጠቡ እዚህ ላይ ይነሣል።

ዕቃው የማን እንደሆነ የሚለየው የወረቀቱ ስም አይደለም። አይ ኤፍ አር ኤስ 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ የሚመለከተው፣ ዕቃው ለገዢ ከመተላለፉ በፊት በማን ቁጥጥር ሥር እንደነበረ ነው። ሸማኔው በፈለገ ጊዜ ማስመለስ ከቻለ፣ ባለሱቋም ሳይሸጥ የመክፈል ግዴታ ከሌለባት አደራ ነው። “ተሸጠም አልተሸጠም በሁለት ወር ትከፍያለሽ” ከተባለና መመለስም ካልተቻለ ግን የዱቤ ግዢ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሱቁ ዕቃና ዕዳ ውስጥ ይገባል፣ ሲሸጥም ሙሉው ዋጋ የሱቁ ሽያጭ ይሆናል።

መዝገቡ ልክ መሆኑ በአንድ ስሌት ይታወቃል። ከተረከበችው 12 ላይ የተሸጠው 4 እና የተመለሰው 1 ሲቀነስ 7 ይቀራል፤ ባለቀለም ካርድ የታሰረባቸው ቀሚሶችም 7 መሆን አለባቸው። ስድስት ብቻ ከተገኘ መጀመሪያ ሳይመዘገብ የተሸጠ እንዳለ ደረሰኙ ይታያል። ደረሰኝ ከሌለና ውሉ የጠፋውን ሱቁ ይተካል የሚል ከሆነ፣ 5,100 ብር በኪሳራና ለሸማኔው በሚከፈል ዕዳ ይመዘገባል። ሽያጭ ስላልተፈጸመ ኮሚሽን አይጻፍም።