ምስሉ ሲያድግ መስኮቱ እንዳይቀልጥ

በኤአይ የተሠራ የሕንፃ ምስል በስልክ ላይ ያምራል። ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን የመስኮቱ ቀጫጭን ፍሬሞች ቀልጠው፣ አንዳንዴም አርክቴክቱ ያልነደፈው መስኮት በቅሎ ይገኛል።

1536 ፒክስል ስፋት ያለውን ምስል 59.4 ሳንቲሜትር በሚሰፋ ኤ2 ወረቀት ላይ፣ በኢንች 150 ፒክስል ለማተም 3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ይህ ከእጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። በመነሻው ምስል ላይ ፍሬሙ ሁለት ፒክስል ብቻ ከሆነ፣ ማሳደጊያው የጎደለውን በግምት ይሞላል።

ማሳደጊያው ምስሉን እንደገና የሚስል ዓይነት ከሆነ denoise የሚለውን ቁጥር ወደ 0.2 ዝቅ ያድርጉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፈጠራው ይበዛል። ከዚያ ያደገውን ምስል ወደ 1536 አሳንሰው በመነሻው ላይ ይደርቡትና በፎቶሾፕ Difference ላይ ያድርጉት። ጥቁሩ ቦታ አልተለወጠም፤ ጎልቶ የሚያበራው ግን አዲስ የገባ ነገር ነው።

ይህ ፈተና ፈጠራን እንጂ የደበዘዘ መስመርን አያጋልጥም። ስለዚህ ምስሉ የተነሣው ከ3ዲ ሞዴል ከሆነ፣ በዚያው የካሜራ ዕይታ መስመሮቹን ብቻ በ3508 ፒክስል አውጥተው ከላይ ይደርቡ። ያኔ ፍሬሙ ከግምት ሳይሆን ከንድፉ ይመጣል።