የመድረክ ፍርሃትን በልምምድ ዕቅድ መግራት

በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሪፖርት የሚያቀርበው ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ከአባላቱ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሯቸውም የሚያርስ ሰው ነው። ይሁንና እነዚሁ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ፊት ለፊቱ ሲቀመጡ አፉ ይደርቃል፤ ወረቀት የያዘው እጁም ይንቀጠቀጣል። ሪፖርቱን አጣድፎ ይጨርሰዋል፤ አባላቱም ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ሳይገባቸው ይበተናሉ። አንዳንዴ ሒሳቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የአቅራቢው መርበትበት ብቻ ጥርጣሬ ያሳድራል።

ይህ የሚሆነው ሰውነት የብዙ ሰው ዓይን ሲያርፍበት አደጋ እንደገጠመው ቆጥሮ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ ነው። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ምራቅ ይቀንሳል። ለዕቅዱ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ስሜቱ በአብዛኛው የሚበረታው ሊጀመር ሲል እና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መሆኑ ነው። ስለዚህ የልምምዱ ትልቁ ድካም በመክፈቻው ላይ መዋል ይኖርበታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጉባኤው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ለሪፖርቱ የተሰጠው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። ሰብሳቢው ሰኞ ማታ ዕቅዱን በደብተር ይጽፋል፤ በየቀኑ የት፣ ማን ፊት እና የትኛውን ክፍል እንደሚለማመድ ለይቶ ያስቀምጣል። ሪፖርቱንም የተገኘ፣ የወጣ፣ የቀረ እና የሚወሰን ብሎ ለአራት ይከፍላል። ቃል በቃል የሚያጠናው መክፈቻውን እና መዝጊያውን ብቻ ነው። መክፈቻው ለምሳሌ፦ «የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ዘንድሮ ማኅበራችን 412 ሺህ ብር አትርፏል። ይህ ገንዘብ ከየት እንደመጣ እና ምን እንደሚደረግበት አስረዳለሁ» ሊሆን ይችላል። ለቀረው ቁልፍ ቃላት እና ቁጥሮች በአንድ ካርቶን ላይ በትልቁ ይጻፋሉ። ሁሉንም በቃሉ የያዘ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው የሚቀጥለውም አብሮ ይጠፋዋል። ካርቶን የተመረጠውም ስስ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

ማክሰኞ ብቻውን ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በስልኩ ሰዓት እየያዘ ሦስት ጊዜ ያቀርባል። በዓይን ማንበብ ልምምድ አይደለም፤ መድረክ ላይ የሚከዳው አፍ እና ትንፋሽ ነውና። 10 ደቂቃ ከሞላ ወደ 8 ያሳጥረዋል፤ ጭብጨባ እና ማቋረጥ ጊዜ ይወስዳሉ።

ረቡዕ በቤተሰቡ አንድ ሰው ፊት፣ ሐሙስ ደግሞ በአራት ወይም በአምስት ጎረቤቶች ፊት ያቀርባል። ከእነዚህ አንዱ በጉባኤ ላይ አስቸጋሪ ጥያቄ በማንሳት የሚታወቅ ቢሆን ይመረጣል። በእኔ እምነት የዕቅዱ ዋነኛ ቀን ይህ ነው። አድማጮቹ ሆን ብለው መሐል ላይ ያቋርጡታል፤ «የማዳበሪያው ማጓጓዣ ለምን በዛ?» ይሉታል። እርሱም ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፣ ካርቶኑን ያያል፣ «ጥያቄውን ይዣለሁ፤ ወደ ወጪው ልመለስ» ብሎ ይቀጥላል። ይህች ዐረፍተ ነገርም በዕቅዱ ላይ አስቀድማ መጻፍ አለባት። ከተቋረጠ በኋላ ቦታውን ሳይደናገር ካገኘ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ካልሆነ በዚያው ምሽት እነዚያው ሰዎች ፊት ይደግመዋል እንጂ ብዙ ሰው ለመጨመር አይቸኩልም።

ዓርብ ልምምዱ ጉባኤው በሚካሄድበት ቦታ ይሆናል። ከመቀመጫው ተነሥቶ እስከ ድምፅ ማጉያው ይራመዳል፤ ድምፁ በማጉያው ሲወጣ ምን እንደሚመስል ይሰማል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በራሱ ድምፅ ነው። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ ያቀርባል፤ አዲስ ነገር አይጨምርም።

እሑድ ጠዋት ቡናውን ቢቀንስ ይሻላል፤ ቡና የልብን ምት ያበረታልና። ተራው ሲቃረብ እስከ 4 እየቆጠረ በአፍንጫው አየር ያስገባል፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣል፤ ይህንንም ለጥቂት ደቂቃዎች ይደጋግማል። ረጅም አወጣጥ የልብን ምት ያረጋጋል። ውኃም በአጠገቡ ይኑር።

ልብ መምታቱ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን አድማጭ አቅራቢው የሚያስበውን ያህል አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬኔት ሳቪትስኪ እና ቶማስ ጊሎቪች ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች ፍርሃታቸው በአድማጭ ዘንድ ከሚታየው በላይ የታየባቸው ይመስላቸው ነበር። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸውም የተሻለ ንግግር አድርገዋል።

ለመረጋጋት ሲሉ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ከሌላ ሰው ተቀብሎ መዋጥ ግን አደገኛ ነው፤ በተለይ አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ፍርሃቱ ከስብሰባ እስከመቅረት የሚያደርስ ከሆነ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።