ከባዱ ይቀድማል?

ላባና ድንጋይ ከእኩል ከፍታ ቢለቀቁ ድንጋዩ ቀድሞ መሬት እንደሚደርስ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጣጣው የሚመጣው “ለምን?” ሲባል ነው። አብዛኞቻችን “ስለሚከብድ ነዋ!” እንላለን። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትልም ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ በእሱ አባባል፣ አሥር እጥፍ የሚከብድ ነገር የሚወድቀው በአሥር እጥፍ ፍጥነት ነው። ትምህርቱ አልፎ አልፎ ተቃዋሚ ቢነሣበትም ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ብዙዎች አምነውት ኖረዋል።

ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዚሁ ነገር ሲሟገቱ እናስብ። ልጁ ከአርስቶትል ወገን ነው፤ ልጅቷ አይደለችም።

እሱ፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ትልቅ ድንጋይና ጠጠር ልቀቂ፤ ድንጋዩ ይቀድማል።

እሷ፦ አይተሃል?

እሱ፦ ማየት አያስፈልገውም፤ የታወቀ ነገር ነው።

እሷ፦ እሺ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን። ትልቁ ይፈጥናል፣ ትንሹ ይዘገያል። አሁን ሁለቱን በገመድ አስሬ ለቀቅኳቸው። እንዴት ይወድቃሉ?

እሱ፦ ትንሹ ትልቁን ወደ ኋላ ይጎትተዋላ! ትልቁ ብቻውን ከሚወድቀው ይዘገያሉ።

እሷ፦ ሲታሰሩ ግን ክብደታቸው ተደመረ። አሁን ከትልቁም ይከብዳሉ።

እሱ፦ አዎ… እንግዲያው ይፈጥናሉ ማለት ነው።

እሷ፦ ታዲያ ይዘገያሉ ወይስ ይፈጥናሉ?

ልጁ ዝም አለ። ከአንድ እምነት ሁለት የማይታረቁ መልሶች ሲወጡ ጥፋቱ ያለው እምነቱ ላይ ነው። ይህን ሙግት ያቀረበው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ሲሆን፣ በ1638 በሆላንድ፣ ላይደን ከተማ የታተመው መጽሐፉም የተጻፈው በሦስት ሰዎች ጭውውት መልክ ነው። ከወጥመዱ መውጫው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ድንጋዮች እኩል ይወድቃሉ ማለት። ያኔ ገመዱ ላልቶ አብሯቸው ይወርዳል፤ ማንም ማንንም አይጎትትም።

እሱ፦ በነገር አሰርሽኝ እንጂ አላሳመንሽኝም። ከባዱን መሬት አብልጣ ትስበዋለች፤ ስይዘው እጄ ይመሰክራል።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ አብልጣ ትስበዋለች። ግን ባዶ ጋሪና ድንጋይ የተጫነ ጋሪ ከቆሙበት ለማስነሣት እኩል ብትገፋቸው የትኛው ቶሎ ይፈጥናል?

እሱ፦ ባዶው።

እሷ፦ አየህ፣ የከበደ ነገር ከቆመበት ለመነሣት እንቢተኛ ነው። አሥር እጥፍ የሚከብደውን መሬት በአሥር እጥፍ ኃይል ትስበዋለች፤ እሱ ደግሞ አሥር እጥፍ እንቢ ይላታል። ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚተርፈው ለሁሉም እኩል ነው።

እሱ፦ ይሁን፣ እንሞክረው።

ሁለት ተመሳሳይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አመጡ። አንዱን ጢም አድርገው ሞሉት፤ ሌላው ውስጥ ሩቡን ያህል ብቻ ውሃ ጨመሩ። ሙሉው ከነፕላስቲኩ 520 ግራም ገደማ፣ ሩቡ ደግሞ 145 ግራም ገደማ ይመዝናል። መጠናቸውና ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ዋናው ልዩነታቸው ክብደት ብቻ ነው። ሙከራውን ፍትሐዊ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ድንጋይና ላባ ቢያወዳድሩ ኖሮ ልዩነቱ ከክብደት ይምጣ ከቅርጽ መለየት አይቻልም ነበር።

ከመልቀቃቸው በፊት አርስቶትል ልክ ከሆነ ምን መታየት እንዳለበት አሰሉ። ሙሉው ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ከሁለት ሜትር ከፍታ ወርዶ መሬት ሲነካ፣ ቀላሉ ገና ከግማሽ ሜትር ጥቂት ብቻ አልፎ አየር ላይ መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ልዩነት ደግሞ ለማንም ዓይን ይታያል።

ልጁ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ለቀቀ። ቀላሉ በጥቂቱ ቀደመ! ሁለቱም ተደናገጡ። ድጋሚ ሞከሩ፤ አሁንም ቀላሉ ቀደመ። ነገሩን ያገኘችው ልጅቷ ናት፤ ከባዱን የያዘው እጅ አጥብቆ ስለሚጨብጥ ዘግይቶ ይከፈታል። ጥፋቱ ከእጅ ወይም ከሃይላንዱ መሆኑን ለመለየት ሁለቱን ቦታ እያለዋወጡ፣ አጨባበጡን እያላሉ ደጋግመው ለቀቁ። አንዴ ይኸኛው፣ አንዴ ያኛው በጥቂቱ ይቀድም ጀመር። አለቃቀቁ ሲስተካከል የተሰማው አንድ “ዷ!” ብቻ ነበር።

እሱ ግን እጅ አልሰጠም። አምስት ሜትር ከሚሆን በረንዳ ላይ እንዲለቀቁ ጠየቀ፤ ልጅቷ ታች ሆና በስልኳ በዝግታ ቀረጻ አነሣችው። በዚህ ጊዜ ሙሉው በእርግጥ ቀደመ፤ ልዩነቱ ግን ስንዝር አይሞላም።

እሱ፦ ይኸው! አላልኩሽም?

እሷ፦ አንተ እንዳልከው ቢሆን እኮ ሙሉው መሬት ሲደርስ ሌላው ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ይቀረው ነበር። ያገኘኸው ስንዝር የማይሞላ ነው። ስንዝሯን ይዘህ ሦስቱን ሜትር ልትሸፍንባት?

ጋሊሊዮም በዘመኑ የገጠመው ይኸው ክርክር ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ አንዱ ተናጋሪ፣ አርስቶትል ልክ ቢሆን በመቶ ክንድ ውድቀት ላይ የዘጠና ዘጠኝ ክንድ ልዩነት መታየት የሚገባቸው ሁለት ኳሶች፣ ሲወድቁ ግን የሚለያዩት በሁለት ጣት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ትልቁን ስሕተት በሁለት ጣት ስር ለመደበቅ መሞከር አያዋጣም ነው የሚለው።

ያቺ ስንዝር የማትሞላ ልዩነት ግን መልስ ትፈልጋለች። መልሱ አየር ነው። ሁለቱ ሃይላንዶች እኩል ስፋት ስላላቸው፣ እኩል ሲፈጥኑ አየሩ ሁለቱንም የሚገፋው እኩል ነው። ይህ ግፊት ለ520 ግራሙ ኢምንት ሲሆን ለ145 ግራሙ ግን ይሰማዋል። ግፊቱ ከፍጥነት ጋር ስለሚያድግ ከሁለት ሜትር ያልታየው ከአምስት ሜትር ታየ። መሬት ኃይሏን በክብደት ልክ ታድላለች፤ አየር ግን ክብደት አይመዝንም፣ የሚያየው ስፋት፣ ቅርጽና ፍጥነት ነው። ላባ የሚዘገየውም ለዚህ ነው።

እንግዲያው አየር በሌለበት ላባም መዘግየት የለበትም። ይህን የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በ1971 ጨረቃ ላይ ቆሞ አሳየ። በአንድ እጁ 1 ነጥብ 3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መዶሻ፣ በሌላው 30 ግራም ገደማ የሚሆን የጭልፊት ላባ ይዞ እኩል ለቀቃቸው፤ በካሜራ ፊት አብረው መሬት ነኩ።

አንባቢ ይህን ለማየት ጨረቃ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። አንድ መጽሐፍና ከመጽሐፉ የሚያንስ ቁራጭ ወረቀት ይውሰዱ። ጎን ለጎን ሲለቋቸው ወረቀቱ እየተንሳፈፈ ይቀራል። ቀጥሎ ወረቀቱን ከጠርዙ እንዳያልፍ አድርገው መጽሐፉ ላይ ያስቀምጡትና መጽሐፉን አግድም እንደያዙ ይልቀቁት። አየሩን መጽሐፉ ስለሚከላከልለት ወረቀቱ ከመጽሐፉ ሳይለይ አብሮ ይወርዳል። ክብደቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው።