ዘበኛው ከግቢ ይደር ወይስ ከውጭ ይምጣ?

ብዙ ሰው በጋራ በሚሠራው ሶፍትዌር ላይ ማሻሻያ ያደረገ ፕሮግራመር ለውጡን በቀጥታ ዋናው ኮድ ውስጥ አይከትም። «ይህን አስተካክያለሁ፤ እዩትና ተቀበሉኝ» ብሎ ያቀርባል። ጊትሃብ ላይ ይህ ማመልከቻ ፑል ሪኩዌስት ይባላል። ማመልከቻ ደግሞ ማመልከቻ ነው፤ የሚያየው አጥቶ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ቡድኖች በየጊዜው እየዞረ የሚቃኝ፣ ሁለት ቀን ያለ መልስ ያለፈው ሲያገኝ ሥሩ ማስታወሻ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ያቆማሉ። ዘበኛ እንበለው።

ዘበኛው የሚያድርበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ እዚያው ጊትሃብ ግቢ ውስጥ ነው፦ ጊትሃብ አክሽንስ በተባለው አገልግሎት፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳ ወርክፍሎው። ሌላው ከውጭ፣ በራስዎ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ስክሪፕት ነው።

የግቢውን ለማቆም አንድ ፋይል ይበቃል። ሰዓቱ የሚነገረው እንዲህ ነው፦

```yaml
on:
  schedule:
    - cron: '17 6 * * 1-5'
```

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 6 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ማለት ነው። የማን 6 ሰዓት? ሌላ ካልተነገረው ጊትሃብ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር ዘበኛው የሚነሳው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ17 ነው። 17 የተመረጠውም በዘፈቀደ አይደለም። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚቀጥረው ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ስለሆነ ያኔ ወረፋው ይረዝማል፤ ሥራው ይዘገያል፣ ጭነቱ ከበዛም ጭራሽ ሊዘለል ይችላል።

ትልቁ ችግር ግን የማስታወስ ነው። ወርክፍሎው በተነሳ ቁጥር የሚሠራው ባዶ ማሽን ላይ ነው፤ ትናንት ያደረገውን አያውቅም። ሰኞ ጠዋት የቀረበ ማመልከቻ ይኑር። ዘበኛው ሐሙስ «ሁለት ቀን አልፎታል» ብሎ ይጽፋል። ዓርብ ይደግመዋል፣ በቀጣዩ ሰኞ ይሠልሳል፤ ሰዎችም ሰልችቷቸው ማንበብ ይተዋሉ። ብዙ ሰው ለዚህ መጀመሪያ የሚሞክረው መፍትሔ «ከተቀረበ» የሚለውን ትቶ «ከተነካ ሁለት ቀን ያለፈውን ፈልግ» ማለት ነው። ይህም ወጥመድ አለው፤ የዘበኛው የራሱ ማስታወሻ እንደ መነካት ይቆጠራል። ሁለት ሳምንት ሰው ያላየው ማመልከቻ በዘበኛው ጽሑፍ ብቻ ትኩስ መስሎ ይታያል።

የሚሻለው ትዝታውን ማመልከቻው ላይ መለጠፍ ነው። ዘበኛው ማስታወሻ ሲጽፍ `reminded` የሚል ሌብል ይለጥፋል፤ ሲፈልግ ደግሞ ሌብሉ ያለበትን ይዘላል። ቀኑ በየጠዋቱ ይሰላል፦

```
gh pr list --search "created:<2025-03-10 review:none -label:reminded"
```

የውጭው ስክሪፕት ይህ ጣጣ የለበትም፤ ያየውን በራሱ ዲስክ ላይ ይመዘግባል፣ ከፈለጉም በየደቂቃው ይዞራል። የግቢው ከ5 ደቂቃ ባነሰ ልዩነት አይነሳም። ዝግ በሆነ ሪፖዚተሪ ላይ ደግሞ ሒሳብ አለው። ነፃው የጊትሃብ ዕቅድ በወር 2,000 ደቂቃ ይሰጣል፤ አሥር ሰከንድ የፈጀ ሥራም እንደ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። በየ5 ደቂቃው የሚነሳ ዘበኛ በ30 ቀን 8,640 ደቂቃ ይበላል። በሥራ ቀን አንዴ ብቻ የሚነሳው ግን 23 ደቂቃ እንኳ አያልፍም።

ቁልፉም ይለያያል። ለግቢው ዘበኛ ጊትሃብ በየሥራው መጀመሪያ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ቁልፉ ይሞታል፣ የሚከፍተውም ያንን አንድ ሪፖዚተሪ ብቻ ነው። ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ጎረቤት ሪፖዚተሪዎችንም ማየት ካስፈለገ ግን አይበቃም። የውጭው ስክሪፕት የሚይዘው ቶከን ብዙ በር ሊከፍት ይችላል፣ ለወራትም ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ከተሰረቀ ሌባው በእነዚያ በሮች ሁሉ ይገባል። የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ ደግሞ ስክሪፕቱ ማንም በማያነበው መዝገብ ላይ 401 እየጻፈ ይቀጥላል።

የግቢውም ይሞታል፤ አሟሟቱ ነው የሚያስገርመው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሪፖዚተሪ 60 ቀን እንቅስቃሴ ካላየ ጊትሃብ በሰዓት የሚነሱ ወርክፍሎዎቹን ያጠፋል። ማመልከቻ ተረስቶ የሚቀረው ደግሞ ጭር ባለ ሪፖዚተሪ ነው።

አንድ ሪፖዚተሪ ካለዎትና በቀን አንድ ማስታወሻ ከበቃዎ የግቢውን ይምረጡ። ሪፖዚተሪው ብዙ ከሆነ ወይም የግማሽ ሰዓት መዘግየት የሚጎዳዎ ከሆነ ስክሪፕቱን ከውጭ ያቁሙ፤ ቶከኑም ፑል ሪኩዌስትን ብቻ የሚነካ ይሁን። የቱንም ቢመርጡ፣ ምንም ባያገኝም እንኳ በየጠዋቱ «ዛሬ የተረሳ የለም» ብሎ ለቡድኑ እንዲልክ ያድርጉት። መልእክቱ እስከ ረፋድ ካልደረሰ ዘበኛው ሞቷል፤ ሄደው ያስነሱት።