ውሃው በፈረቃ፣ ፓምፑ በደረቁ

አዲስ አበባ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች እያሏት፣ የአቃቂ ጉድጓዶችም ተጨምረውላት፣ ለብዙ ሰፈሮቿ ውሃ የምታድለው በፈረቃ ነው። በምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ በሽንዲም በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ቢሆን፣ ቤት የሚሠራ ሰው ቧንቧ ካስገባ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ሮቶ ነው። ሮቶው ይገዛል፣ ቆርቆሮው ላይ ወይም ማማ ላይ ይወጣል፣ ውሃው እዚያ ድረስ አልደርስ ሲል ደግሞ ፓምፕ ይገዛል። ከዚያ ጥቂት ወራት ሳይሞላ ፓምፑ ይቃጠላል። ባለቤቱ ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሁለተኛውም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑን የሚገድለው የዕቃው ጥራት ሳይሆን ውሃ በሌለበት መዞሩ ነው። ይህን የሚከላከለው ፍሎት ስዊች የሚባለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ዋጋው ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም ሥራውን በትክክል የሚሠራው ሮቶዎቹ በልካቸው ተመርጠው በቦታቸው ሲቀመጡ ብቻ ስለሆነ ከልኩ እንጀምር።

የመጠኑ ስሌት የሚነሣው ከሱቁ ሳይሆን ከቧንቧው ነው። በሽንዲ ያለ፣ ሰባት ሰው የሚኖርበት አንድ ግቢ እንውሰድና ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት፣ ለአራት ሰዓት ያህል ይመጣል እንበል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መሠረት ከ20 ሺህ በታች ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ነበር። ሰባት ሰው በቀን 280 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ አራት ቀን አለ፤ ስለዚህ ሁሉም ፈረቃ በሰዓቱ ቢመጣ 1,120 ሊትር ይበቃል። ግን አንድ ፈረቃ ሲዘለል፣ ለምሳሌ መብራት ጠፍቶ የከተማው ጉድጓድ ፓምፕ ሲቆም፣ ቤቱ ሰባት ቀን በያዘው ውሃ መክረም አለበት። 280 በሰባት ሲባዛ 1,960 ሊትር ነው። መያዝ ያለበት የረጅሙን ክፍተት ውሃ እንጂ የተለመደውን አይደለም።

ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። የቀረው ጥያቄ ግን የበለጠ ከባድ ነው፤ ቧንቧው በመጣባት ሰዓት ይህን ሮቶ መሙላት ይችላል ወይ? ለመለካት አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ። ውሃው ከመጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጄሪካኑን ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው ቧንቧ ላይ ሙሉት። መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ድፍርስ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ወደ ሮቶም ባይገባ ይሻላል። በሁለት ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 600 ሊትር ይገባል። ከአራቱ ሰዓት ሦስቱን ብቻ ብንቆጥር በአንድ ፈረቃ 1,800፣ በሳምንት 3,600 ሊትር እናገኛለን፤ ቤቱ ከሚፈልገው 1,960 ይበልጣል።

ጄሪካኑ ለመሙላት ስድስት ደቂቃ ቢፈጅበትስ? ያ በሰዓት 200፣ በፈረቃ 600፣ በሳምንት 1,200 ሊትር ነው። ለሰባት ሰው ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 24 ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ በዚያው ዕቅድ ለገጠር ከተቀመጠው 25 ሊትር እንኳ ያንሳል። እዚህ ቤት አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ቢተከል ሞልቶ አያውቅም። ትልቅ ሮቶ ውሃ አይፈጥርም፤ ገንዘቡ ከቆጣሪው እስከ ግቢው ያለውን ቀጭን ወይም የዛገ ቧንቧ ለመቀየር፣ ወይም በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ለመያዝ ቢውል ይሻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነውና 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 1,200 ሊትር ያወርዳል።

ወደ መጀመሪያው ቤታችን እንመለስ። በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ግፊቱ ደካማ ከሆነ ማማ ላይ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ መሬት ላይ፣ በተስተካከለ የሲሚንቶ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ 500 ሊትር የሚይዘው ደግሞ ከፍ ብሎ ማማ ላይ። የታችኛው ሌሊቱን ሰው ሳይነቃ ራሱ ይሞላል፣ ሲሞላም መግቢያው ላይ ያለው ባለ ኳስ ቫልቭ ይዘጋዋል። ጠዋት መብራት ሲኖር ፓምፑ ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ የላይኛውን በ25 ደቂቃ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም ቤቱ ውሃ አለው፤ 500 ሊትር ለሰባት ሰው ወደ ሁለት ቀን ይጠጋልና። ማማው ግን ከነሮቶው ከግማሽ ቶን በላይ እንደሚሸከም አይዘንጋ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ይህን አይችልም።

ፓምፑን በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘት የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ ጉዳቱ ግን ሁለት ነው። ከመስመሩ በጉልበት ሲሳብ የጎረቤት ውሃ ይቀንሳል፣ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ ደግሞ የውጭውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ሁለተኛው፣ ፈረቃው ሲያበቃ ውሃው ማንንም ሳያስጠነቅቅ ይቆማል፤ ፓምፑ ግን መዞሩን ይቀጥላል።

በደረቁ ሲዞር ምን ይሆናል? በቤት ውስጥ በብዛት በምናየው የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሞተሩንና ውሃ ያለበትን ክፍል የሚለየው ሜካኒካል ሲል የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለት ለስላሳ ቀለበቶች፣ አንዱ ከካርቦን አንዱ ከሴራሚክ፣ እንደ ወፍጮና መጅ ተገጣጥመው አንዱ በሌላው ላይ ይዞራል። በመካከላቸው የምትገባው ቀጭን የውሃ ሽፋን ናት የምታለሰልሳቸውና የምታቀዘቅዛቸው። ውሃው ሲጠፋ ቀለበቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላሉ፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ ጎማው ይደርቃል። ፓምፑ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውሃ ልትፈላ ትችላለች፤ ከፓምፑ ጋር የተገናኘው የፕላስቲክ ቧንቧ ጥርስ የሚላላውም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ሲገባ በተሰነጠቀው ሲል በኩል አልፎ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ይደርሳል። ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ሞተሩ ይከብደዋል፣ መጨረሻ ላይ ጥቅሉ ይቃጠላል። ባለቤቱ «ሞተሩ ተቃጠለ» ሲል የሚያየው የመጨረሻውን ነው፤ ነገሩ የጀመረው ግን ከሳምንታት በፊት በአንድ ባዶ ሮቶ ነው።

ምልክቶቹን ጆሮና ዓይን ይለያቸዋል። ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነው፤ ደረቁ ይቀጥናል፣ ይጮኻል፣ ይንኳኳል። በሞተሩና በፓምፑ መገናኛ ሥር ጠብታ ወይም ነጭ የጨው ምልክት ከታየ ሲሉ ሄዷል። በዚህ ጊዜ ሲሉን ብቻ መቀየር ሞተሩን ያድናል።

ብሬከሩ ያጠፋልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። ብሬከር የሚያጠፋው ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲሳብ ነው። በደረቁ የሚዞር ፓምፕ የሚገፋው ነገር ስለሌለ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከወትሮው ያነሰ ነው። በብሬከሩ በኩል ሲታይ ምንም ችግር የለም።

ፍሎት ስዊች የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የታሸገ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ከረጅም ገመድ ጋር ሮቶው ውስጥ ይንጠለጠላል። ውስጡ ትንሽ ብይ አለች። ውሃ ሲያነሣው ያዘነብላል፣ ብይዋ ተንከባልላ መስመሩን ታገናኛለች፤ ውሃው ሲጎድል ወደ ታች ይደፋል፣ ብይዋ ተመልሳ ታቋርጣለች። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፤ በየትኞቹ ሁለቱ እንደታሰረ ሲነሣ የሚያበራ ወይም ሲነሣ የሚያጠፋ ይሆናል። የሽቦው ቀለም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በቀለም ከመገመት ኤሌክትሪሻኑ በመለኪያ ቢያረጋግጠው ይሻላል።

ቤታችን ሁለት ያስፈልጉታል። የታችኛው ውሃ ሲኖር ያገናኛል፣ ሲያልቅ ያቋርጣል። የላይኛው በተቃራኒው ነው፤ ሮቶው ሲጎድል ያገናኛል፣ ሲሞላ ያቋርጣል። ሁለቱ ተከታትለው በአንድ መስመር ላይ ይታሰራሉ፤ ስለዚህ ፓምፑ የሚነሣው ላይ ቦታ፣ ታች ደግሞ ውሃ ሲኖር ብቻ ነው። ትልቅ ፓምፕ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በፍሎቱ ሳይሆን በኮንታክተር ማለፍ አለበት፤ አለዚያ መገናኛው ተቃጥሎ ይጣበቃል፣ የተጣበቀ ፍሎት ደግሞ ከነጭራሹ እንደሌለ ነው።

የታችኛው ፍሎት የት ላይ ያቋርጥ? ፓምፑ የሚስብበት ቀዳዳ ከሮቶው ወለል አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ውሃው እስከ ቀዳዳው ከወረደ አዙሪት ይፈጠርና አየር አብሮ ይሳባል፤ ስለዚህ ማቋረጫው ቢያንስ ከቀዳዳው አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይሁን። ወርዱ 1.30 ሜትር በሆነ ሮቶ ውስጥ ይህ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ 330 ሊትር ያህል ነው፤ ፓምፑ አይነካውም። ከ2,000ው ሲቀነስ 1,670፣ የላይኛው 500 ሲጨመር 2,170 ይሆናል፤ ከፈለግነው 1,960 ትንሽ ይተርፋል። ታች የቀረው ደግሞ በባልዲ የሚቀዳበት ትንሽ ቧንቧ ከተበጀለት ለክፉ ቀን ይሆናል።

ፍሎት የማያየው አንድ ነገር አለ። ሮቶው ከመሬት በታች የተቀበረ ከሆነና ፓምፑ ከላይ ከተቀመጠ መሳቢያው ጫፍ ላይ ፉት ቫልቭ ያስፈልጋል። ቫልቩ ሲያፈስ በመሳቢያው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ይመለሳል፤ ሮቶው ሙሉ ሆኖ ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። ለዚህ ዓይነቱ ቤት ውሃ አለመፍሰሱን ዐውቆ የሚያጠፋ ኦቶማቲክ መቆጣጠሪያ ይጨመር። የተቻለው ግን ሮቶውን ከመሬት በላይ አድርጎ ፓምፑን ከግርጌው ያስቀምጥ፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ይሞላዋል።

ፍሎት የተገጠመላችሁ ብሬከሩን አጥፉና ሮቶውን ክፈቱ፤ ገመዱ ከመግቢያ ቧንቧው ጋር አለመጠላለፉን፣ የሽቦው መቀጠያም ከውሃ ውጭ መሆኑን እዩ። ከዚያ ብሬከሩ ተመልሶ ፓምፑ እየሠራ ባለሙያው የታችኛውን ፍሎት በገመዱ ስቦ ወደ ታች እንዲንጠለጠል ያድርገው። ፓምፑ ወዲያው ካልቆመ ዛሬውኑ አስጠግኑት።