ደመወዝ፦ በስምምነት

ለቡ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ለማታ ፈረቃ የወጥ ቤት ሠራተኛ ፈልጎ የማስታወቂያውን ረቂቅ እንዳይለት ሰጠኝ። ባለቤቱ ራሱ የጻፈው ነው፦ «ልምድ ያለው ሼፍ እንፈልጋለን። የሥራ ሰዓት በፈረቃ። ደመወዝ በስምምነት። ታማኝና ሥራ ወዳድ የሆነ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከጎተራ እስከ ጀሞ በካፌዎች መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከዚህ ብዙም አይለይም። የቅጥር ሥራ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ይህ ወረቀት ምን እንደሚያስከትል ይታወቃል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ደዋዩ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው የምትከፍሉት?» የሚል ነው፣ ግማሹም መልሱን ሰምቶ ይዘጋል።

«ደሞዙን ጽፈን ብንለጥፍ ያሉት ሠራተኞች ያዩታል» አለኝ ባለቤቱ። እውነቱን ነው፣ ያዩታል። ግን አዲሱ ሠራተኛ በገባ በሳምንቱ ሽንኩርት እየከተፉ ይጠያየቃሉ። ስለዚህ መደበቁ የሚያቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ይልቅ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ራሱ ነው። ባለቤቱ 12,000 ብር ብሎ አስቦ ነበር። ይህ ያልተጣራ ነው ወይስ እጅ ላይ የሚደርስ? ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ መጀመሪያ ያለው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው እያደገ ይቆረጣል። በዚህ ስሌት ከ12,000 ብር ላይ የሚነሳው ግብር 2,250 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ይሆናል። ኪስ የሚገባው 8,910 ብር ነው። 12,000 ተብሎ የተቀጠረ ሰው በወሩ መጨረሻ 8,910 ሲቆጠርለት የተታለለ ይመስለዋል፤ ማንም ባይዋሸውም። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥር ጎን ለጎን እንዲጻፍ አደረግሁ። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ የጡረታ ድርሻ፣ 1,320 ብር፣ ከላይ ይጨምራል። አንዳንዱ ይህን ለመሸሽ በፔሮል ላይ ትንሽ ደመወዝ ያስፈርምና ቀሪውን በእጅ ይሰጣል። ያን ጊዜ ሠራተኛው የጡረታም የሥራ ስንብት ክፍያም ሒሳቡ የሚሠራለት በትንሿ ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት ሲወጡ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። «በፈረቃ» የሚለው ቃል ምንም አይናገርም። የዚህ ካፌ የማታ ፈረቃ ከቀኑ 7:00 እስከ ምሽቱ 4:00 ነው፤ የአንድ ሰዓት የምግብ እረፍት ሲወጣለት ስምንት ሰዓት ይሆናል። በሳምንት ስድስት ቀን ሲባዛ 48፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፈቀደው መደበኛ ሰዓት ላይ ልክ ይደርሳል። ስለዚህ አንዲት ደቂቃ ትርፍ የለችም ማለት ነው። ባለቤቱን «ካፌው ስንት ሰዓት ይዘጋል?» ስለው «አራት ሰዓት» አለ። «የመጨረሻው ኦርደርስ?» «አራት ሰዓት።» ምድጃውን ማን ይፈገፍጋል፣ የጥብሱን ዘይት ማን ይቀይራል፣ ለጠዋቱ ፉል ማን ይዘፈዝፋል? የማታው ሰው ነው፣ ከአራት ሰዓት በኋላ። በተግባር የሚወጣው ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው።

ይህ ሩብ ጎደል አንድ ሰዓት በገንዘብ ሲታይ እንዲህ ነው። 12,000 ብር በወር 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 57 ብር ከ69 ሳንቲም ይመጣል። ከምሽቱ 4:00 በኋላ ያለው የትርፍ ሰዓት በአዋጁ በ1.75 ይባዛል፣ ወደ 101 ብር ማለት ነው። በቀን 45 ደቂቃ በ26 ቀን 19 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ድምሩ ወደ 1,970 ብር። ባለቤቱ ካልኩሌተሩን ደጋግሞ ነካካው። መክፈሉም ቢሆን ነገሩን አይፈታውም፤ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን የፈቀደው ላልታሰበና ለአስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛ ለመተካት እንጂ በየቀኑ ለሚታወቅ ጽዳት አይደለም። የተስማማነው የመጨረሻው የምግብ ኦርደር 3:15 ላይ እንዲቆም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ማኪያቶና ኬክ ያገኛል። ወጥ ቤቱ ግን ይታጠባል። ማስታወቂያው ላይም የሰፈረው የካፌው መዝጊያ ሳይሆን የሠራተኛው መውጫ ሰዓት ነው።

የሥራ ዝርዝሩን ለመጻፍ ወጥ ቤቱ ውስጥ መቆም ያስፈልጋል። አንድ ረቡዕ ቆሜ አየሁ። በፍስክ ቀን ምሳ ከ6:30 እስከ 8:00 ይጣደፋል። በጾም ቀን ግን ብዙ ጿሚ የሚቀምሰው ከ9:00 በኋላ ስለሆነ ግርግሩ ወደዚያ ይዞራል። የጠዋት ፈረቃ ደግሞ የሚወጣው 9:00 ላይ ነው። ስለዚህ በረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሽሮውም ፍርፍሩም በአትክልት የሚሠራው ፓስታም በአንድ ጊዜ የሚወርድበት ብቻውን የቀረው የማታ ሰው ነው። ከሰላሳ ደቂቃ በፊት ሁለት የነበሩት እጆች አንድ ሆነው ትኬቱ ግን እጥፍ ይሆናል። አስተናጋጆቹ «ሰውዬው ቀርፋፋ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ሠራተኛው በሥራ ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ሳይሆን ከመደወሉ በፊት ሊያውቀው ይገባል። የጾሙ መጥበሻና ቢላ ከፍስኩ ተለይቶ እንደሚያዝም እንዲሁ።

«ሼፍ» የሚለውን አወጣነው፤ ሜኑ አውጥቶ ሰው የሚያዝ ሰው አይደለም የሚፈለገው። «ታማኝና ሥራ ወዳድ» የሚለውም ወጣ፤ ታማኝ አይደለሁም ብሎ የሚቀር የለምና። በመጨረሻ የተለጠፈው ይህ ነው፦

«ለማታ ፈረቃ የወጥ ቤት ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ ወንድ ወይም ሴት። ቦታ፦ ለቡ። ሥራው፦ ጥብስ፣ በርገር፣ ፓስታ፣ ፍርፍርና ሽሮ በትኬት ቅደም ተከተል መሥራት፤ በጾም ቀን ከ9:00 በኋላ ብቻውን መሥራት መቻል፤ ለጠዋቱ ፉል መዘፍዘፍና ቁሌት ማዘጋጀት፤ ምድጃውን ማጽዳት። ሰሃንና ድስት የሚያጥብ ሰው አለ። ሰዓት፦ ከቀኑ 7:00 እስከ ምሽቱ 4:00፣ የአንድ ሰዓት እረፍት አለው፤ የሳምንት እረፍት ማክሰኞ። ደመወዝ፦ ያልተጣራ 12,000 ብር፣ እጅ ላይ የሚደርስ 8,910 ብር። ምሳና እራት በካፌው። የበዓል ቀን ሥራ በሕጉ መሠረት በሁለት እጥፍ ይከፈላል። የሁለት ዓመት ልምድ፤ የጤና ምርመራ ወረቀት።»

ወረቀቱ ረዘመ፣ የመስታወቱንም ግማሽ ያዘ። የሚደውለው ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ የሚደውሉት ግን ስለ ዋጋ አይጠይቁም፤ «ማታ መውጫዬ ላይ ከለቡ ወደ ሳሪስ ታክሲ ይገኛል?» ይላሉ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከባለቤቱ ጋር ተከራከርን። «ሦስት ቀን ሠርቶ ያሳየን፣ ካልቻለ ይሂድ፣ አንከፍልም» ማለት በአካባቢው የተለመደ ነው። አዋጁ የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፣ በጽሑፍ እስከሆነ ድረስ፤ ግን በሙከራ ላይ ያለም ሠራተኛ ደመወዙን ያገኛል። አንድ አብሳይ መቻል አለመቻሉ ደግሞ በሦስት ቀን ሳይሆን አንድ የጾም ከሰዓት በኋላ ላይ ይታያል። ስለዚህ ለፈተና የሚመጣው ሰው ረቡዕ ከ8:00 እስከ 11:00 እንዲቆም፣ ለሦስቱም ሰዓት እንዲከፈለው ተስማማን። በሰዓት 57 ብር ከ69 ሳንቲም ሒሳብ 173 ብር ይመጣል፤ ባለቤቱ 200 አደረገው።